ሳልሞኔላ እንቁላል ውስጥ እንዴት ይገባል? አስኳሉ የሚፈስ እንቁላልስ ለማን አይሆንም?

በስልክ የምናያቸው የምግብ ቪዲዮዎች እንቁላል ሲቆረጥ አስኳሉ እንደ ማር ሲፈስ ማሳየት ይወዳሉ። ቪዲዮውን ያየ ሰው በቤቱም እንዲሁ መሥራት ይፈልጋል፤ ካፌም ገብቶ ያንኑ ያዝዛል። ጉዳዩ በተነሳ ቁጥር ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ የሚሰሙት መልሶች ተመሳሳይ ናቸው። አንዱ «አጥቤ ስለምቀቅለው ምንም አይለኝም» ይላል። ሌላው «በሽታው ያለው የፈረንጅ ዶሮ ላይ ነው፣ የሐበሻ እንቁላል ንጹሕ ነው» ይላል። ሦስተኛው ደግሞ «እንቁላል ታይፎይድ የሚያሲዝ ቢሆን ኖሮ ስንቶቻችን በታመምን» ብሎ ይከራከራል።

በሦስቱም ውስጥ ጥቂት እውነት አለ፤ ዋናውን ነገር ግን ሦስቱም ይስቱታል። በእንቁላል በኩል ሰውን በማሳመም በዓለም ዙሪያ የታወቀው የሳልሞኔላ ዓይነት ከውጭ ብቻ አይገባም። ቅርፊቱ ከመሠራቱ በፊት፣ እንቁላሉ ገና ዶሮዋ ሆድ ውስጥ እያለ ሊገባ ይችላል። ውስጥ ያለውን ነገር ደግሞ እጥበት አያስወጣውም፤ ዓይንም አያየውም፤ አፍንጫም አያሸተውም።

ታይፎይድ ሌላ፣ የእንቁላሉ ሳልሞኔላ ሌላ

ሳልሞኔላ የአንድ ባክቴሪያ ስም ሳይሆን የአንድ ትልቅ የባክቴሪያ ቤተሰብ ስም ነው። ከዚህ ቤተሰብ ውስጥ ታይፎይድ የሚያመጣው ሳልሞኔላ ታይፊ ይባላል። ይህ ባክቴሪያ የሚኖረው ሰው ላይ ብቻ ነው፤ ከሰው ዓይነ ምድር ወደ ውሃና ወደ ምግብ አልፎ ሌላ ሰው ይይዛል። ዶሮ ታይፊን አትሸከምም፣ እንቁላልም ከዶሮዋ ታይፎይድን አያመጣም።

ዶሮ አርቢዎች «የዶሮ ታይፎይድ» የሚሉት በሽታም አለ። እሱን የሚያመጣው ሳልሞኔላ ጋሊናረም የተባለው ነው። ዶሮን ይጨርሳል እንጂ ሰውን በተለምዶ አይነካም።

የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ሦስተኛው ነው፤ ሳልሞኔላ ኢንተሪቲዲስ ይባላል። ከሁለቱ የሚለየው ዶሮዋን ብዙም ሳይጎዳ ሰውን የሚጎዳ በመሆኑ ነው። የተያዘችው ዶሮ ትበላለች፣ ትጠጣለች፣ እንቁላሏንም ሳታቋርጥ ትጥላለች። አርቢው የታመመች ዶሮ አይቶ የሚለይበት ምልክት ስለሌለው እንቁላሉን በቅን ልቦና ወደ ገበያ ይልካል። ሰዎች በዚህ ጉዳይ ላይ አርቢውን ወይም ባለ ሱቁን ለመውቀስ ሲቸኩሉ ይህን ማስታወስ ተገቢ ነው።

ከውስጥ በኩል፦ ቅርፊቱ ከመሠራቱ በፊት

አንድ እንቁላል ለመሠራት አንድ ቀን ያህል ይፈጅበታል። መጀመሪያ አስኳሉ ኦቫሪ ከሚባለው የአስኳል ማፍሪያ ላይ ይበስልና ይላቀቃል። ከዚያ በረጅሙ የእንቁላል መውረጃ ቱቦ ውስጥ ቁልቁል ሲጓዝ በሦስት ሰዓት ገደማ ውስጥ ነጩ ይለብሰዋል። ቀጥሎ ስስ የውስጥ ሽፋኖች ይጠቀለሉበታል። በመጨረሻም ከጠቅላላው ጊዜ አብዛኛውን፣ ወደ 20 ሰዓት ያህሉን፣ ቅርፊቱ በሚገነባበት የቱቦው ክፍል ያሳልፋል።

ዶሮዋ ኢንተሪቲዲስ ያለበት መኖ ወይም በአይጥ ኩስ የተበከለ ጥሬ ስትለቅም ባክቴሪያው ከአንጀቷ ወደ ደሟ ያልፋል። በደሟ ተጉዞም ወደ ኦቫሪዋና ወደ እንቁላል መውረጃ ቱቦዋ ይደርሳል። እዚያ ከሰፈረ በኋላ አስኳሉ ሲላቀቅ ከላዩ ላይ ሊጣበቅ፣ ወይም ነጩ ሲለብሰው አብሮ ሊደባለቅ ይችላል። ቅርፊቱ የሚሠራው ይህ ሁሉ ካለፈ በኋላ ስለሆነ ባክቴሪያው ታሽጎበት ይወጣል። እንቁላሉ ያልተሰነጠቀ፣ ጽዱ፣ የዛሬ ትኩስ ሆኖ ሳለ ውስጡ ተበክሏል ማለት ነው።

ይህ በየእንቁላሉ የሚሆን ነገር አይደለም። የተያዘችው ዶሮ ራሷ እንኳ የተበከለ እንቁላል የምትጥለው አልፎ አልፎ ነው። በአሜሪካ በ2000 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) የወጣ ግምት ከ20,000 እንቁላል አንዱ ውስጡ የተበከለ ነው ይላል። ቁጥሩ የአሜሪካ እርባታዎች ነው፤ የወሎን እንቁላል አይለካም። የሚጠቅመው መጠኑን ለመገመት ነው፤ «ስንት ዓመት በልቼ አልታመምኩም» የሚለው ሰው ለምን እውነቱን እንደሆነ ያስረዳል። ባክቴሪያው ሲገኝም ቁጥሩ መጀመሪያ ላይ ጥቂት ነው፤ አዲስ በተጣለ እንቁላል ውስጥ ብዙ ጊዜ ከ20 አይበልጥም።

የሐበሻና የፈረንጅ ክርክርም እዚህ ላይ መልስ ያገኛል። በብዛት ታጉረው በሚያድጉ ዶሮዎች መካከል ባክቴሪያው ከአንዷ ወደ ሌላዋ በቀላሉ ይዛመታል፤ ይህ እውነት ነው። በግቢ እየጫረች የምትውለው ዶሮ ደግሞ ከአይጥ፣ ከቆሻሻና ከሌሎች አእዋፍ ጋር ትገናኛለች። የአስኳሉ ደማቅ ቢጫነት ዶሮዋ ቅጠላ ቅጠልና ቢጫ በቆሎ መብላቷን ይናገራል እንጂ ስለ ባክቴሪያ የሚለው ነገር የለም።

ከውጭ በኩል፦ እጥበቱ ራሱ መንገድ ሲከፍት

የእንቁላል ቅርፊት ድፍን ግንብ አይደለም። በዓይን የማይታዩ ከ7,000 እስከ 17,000 የሚደርሱ ቀዳዳዎች አሉት። ከላይ ስስ ልባስ ይሸፍናቸዋል፤ አዲስ እንቁላል ሲነካ የሚሰማው ደብዛዛ ሸካራነት ያ ልባስ ነው።

ዶሮ ኩሷንም እንቁላሏንም የምታወጣው በአንድ በር ነው። እንቁላሉ ሲወጣ የዶሮዋን የሰውነት ሙቀት፣ 41 ዲግሪ ያህል ይዞ ነው። ወደ አካባቢው ሙቀት ሲቀዘቅዝ ውስጡ ይኮማተራል፤ በወፍራሙ ጫፍ በኩልም አየር ይስባል። ቀቅለን ስንልጥ በዚያ ጫፍ የምናገኘው ጎድጓዳ ቦታ የዚህ ውጤት ነው። አየር ሲስብ ላዩ እርጥብ ኩስ ካለ ያንንም ከነባክቴሪያው አብሮ ሊስብ ይችላል።

ኩስ ያለበትን እንቁላል በቀዝቃዛ ውሃ አጥቦ ማስቀመጥም ይህንኑ ይደግማል። ቀዝቃዛው ውሃ እንቁላሉን ያኮማትረዋል፣ ልባሱን ያስለቅቃል፣ በቀዳዳዎቹ በኩልም ቆሻሻው ወደ ውስጥ ይሳባል። በፋብሪካ እንቁላል የሚያጥቡ አገሮች የሚያጥቡት ከእንቁላሉ ቢያንስ በ11 ዲግሪ በሚሞቅ ውሃ ሲሆን፣ ወዲያው አድርቀው ወደ ማቀዝቀዣ ያስገቡታል። አውሮፓውያን በአንጻሩ ልባሱ እንዳይነካ ብለው ለገበያ የሚቀርብ አንደኛ ደረጃ እንቁላል እንዳይታጠብ ከልክለዋል።

ለቤት የሚሆነው ደንብ ቀላል ነው። የደረቀ ኩስ ካለበት በደረቅ ጨርቅ ይፈግፈግ፤ ማጠብ ካስፈለገም ለብ ባለ ውሃ፣ ሊቀቀል ሲል ብቻ ይታጠብ። የተሰነጠቀውን ለይቶ በዚያው ቀን በደንብ ማብሰል፣ ፈሳሹ የወጣውን ደግሞ መጣል ነው። ከፍሪጅ ወጥቶ ያላበ እንቁላልም እንደታጠበ ይቆጠራል፤ መብራት ሲጠፋና ሲመጣ ፍሪጅ ውስጥ የሚያልበውም እንዲሁ ነው።

ነጩ ይከላከላል፤ ጊዜና ሙቀት ያሸንፉታል

እንቁላል ለጫጩት የተሠራ ቤት ስለሆነ የራሱ መከላከያ አለው። በነጩ ውስጥ ብረት የተባለውን ማዕድን ይዞ የሚያስቀር ፕሮቲን አለ። ባክቴሪያ ያለ ብረት አይባዛም። ነጩም በተጣለ በቀናት ውስጥ ወደ አልካሊነት ስለሚለወጥ ለባክቴሪያው የማይመች ይሆናል። ስለዚህ ነጩ ውስጥ የገቡት ጥቂት ሳልሞኔላዎች አይሞቱም፣ ግን ባሉበት ቆመው ይቀራሉ።

አስኳሉ ግን ስብ፣ ፕሮቲንና ብረት የሞላበት ጓዳ ነው። ሁለቱን የሚለየው በአስኳሉ ዙሪያ ያለው ስስ ሽፋን ነው። አሮጌ እንቁላል መጥበሻ ላይ ሲሰበር አስኳሉ የሚፈርሰው ይህ ሽፋን ስለሚላላ ነው። ሽፋኑ ሲላላ ምግቡና ብረቱ ከአስኳሉ ወደ ነጩ ያፈተልካል፤ ባክቴሪያውም ወደ አስኳሉ ይጠጋል ወይም ይገባል። ሽፋኑ የሚላላበት ፍጥነት ደግሞ በሙቀት ላይ የተመሠረተ ነው። በ20 ዲግሪ ሦስት ሳምንት ያህል ሊጸና ይችላል፤ በ30 ዲግሪ ግን በቀናት ውስጥ ይደክማል።

ይህን በአንድ እንቁላል ላይ እንከተለው። ግንቦት ውስጥ ኮምቦልቻ አካባቢ አንዲት ዶሮ 10 ሳልሞኔላ ያለበት እንቁላል ጣለች እንበል። እንቁላሉ በዚያው ሳምንት ደሴ ገባ፤ ቀን ቀንም ከ20 ዲግሪ ብዙ በማይዘል ጓዳ ውስጥ ተቀመጠ፤ በአምስተኛው ቀን ተበላ። የተበላው ምናልባት ያው 10 ባክቴሪያ ነው። ጤናማ ጎልማሳ በዚህ መጠን የመታመም ዕድሉ አነስተኛ ነው።

ያው እንቁላል ሌላ መንገድ ሄደ እንበል። ከአርቢው ወደ ሰብሳቢ፣ ከሰብሳቢ ወደ ጅምላ ሻጭ፣ ከዚያ ኮምቦልቻ ውስጥ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ወዳለ ሱቅ ገባ። ሠላሳ በሚይዘው የካርቶን ትሪ ላይ ሁለት ሳምንት ሰነበተ። በቆርቆሮ ሥር የቀኑ ሙቀት ከ30 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል። ሽፋኑ ላላ፤ ባክቴሪያው አስኳሉ ጋ ደረሰ። በዚህ ሙቀት አስኳል ውስጥ በአንድ ሰዓት ገደማ አንድ ጊዜ እጥፍ ይሆናል ብንል፣ 10 የነበረው በ10 ሰዓት 10,000 ያህል፣ በ20 ሰዓት 10 ሚሊዮን ያህል ይደርሳል። ይህን ያህል ባክቴሪያ ያለበት እንቁላል ሲሰበር አይሸትም፣ ቀለሙም አይቀየርም። የሚገማው እንቁላል ሌሎች ባክቴሪያዎች ያበላሹት ነው። በውሃ ውስጥ አስገብቶ መንሳፈፉን ማየትም የሚናገረው ዕድሜውን ብቻ ነው፤ ዕድሜውን ማወቅ ግን ለብቻው ጥቅም አለው።

ከዚህ የሚወጣው ቁም ነገር፣ የደሴ ቅዝቃዜ ለእንቁላል ገዢ ጥሩ ወዳጅ ቢሆንም እንቁላሉ ደሴ ከመድረሱ በፊት ያሳለፈውን ሙቀት አይሰርዝም። ገዢው መጠየቅ ያለበት «መቼ ገባ?» ብቻ ሳይሆን «የት ከረመ?» የሚለውንም ነው። በሁዳዴ 55 ቀናት ጾመኛው እንቁላል ስለማይገዛ ትሪው ሱቅ ውስጥ ከወትሮው የበለጠ ሊቆይ ይችላል። ለፋሲካ ዶሮ ወጥ የሚገዛው እንቁላል ጠንክሮ ስለሚቀቀል ይህ ብዙም አያሳስብም። በፋሲካ ማግስት ለቁርስ በከፊል የሚጠበሰው ግን ያሳስባል።

ደሴ ላይ ውሃ በ92 ዲግሪ ይፈላል

ሳልሞኔላን የሚገድለው ሙቀት ነው። በ60 ዲግሪ ለመግደል ደቂቃዎች ያስፈልጋሉ፤ 71 ዲግሪ የደረሰ እንቁላል ግን ወዲያው ደኅና ነው ተብሎ ይወሰዳል። አስኳል ከ65 ዲግሪ አካባቢ መወፈር ይጀምርና 70 ላይ ይረጋል። ስለዚህ ቴርሞሜትር የሌለው ሰው አስኳሉን ራሱን እንደ ቴርሞሜትር ሊያነበው ይችላል፤ መሐሉ ከረጋ ሙቀቱ ደርሷል፣ ከፈሰሰ አልደረሰም።

እዚህ ላይ የቦታው ከፍታ ይገባል። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 ሜትር ያህል ላይ ናቸው። አየሩ በሳሳ ቁጥር ውሃ በዝቅተኛ ሙቀት ይፈላል። ባሕር ዳርቻ ላይ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውሃ ኮምቦልቻ በ94፣ ደሴ በ92 ገደማ ይፈላል። ድስቱ ቢንተከተክ፣ እሳቱ ቢጨመር ከዚያ አያልፍም፤ ቶሎ ይተናል እንጂ አይሞቅም። ስለዚህ «6 ደቂቃ ቀቅሉት» የሚለው የውጭ ቪዲዮ ደሴ ላይ የሚሰጠው እንቁላል ቪዲዮው ላይ ከሚታየው የለጋ ነው።

በቁጥር ሲታይ እንዲህ ነው። 57 ግራም የሚመዝን የፈረንጅ እንቁላል ከክፍሉ ሙቀት ተነሥቶ ደሴ ላይ በሚፈላ ውሃ ውስጥ ቢገባ፣ በ5ኛው ደቂቃ ነጩ ከዳር ረግቶ ሳለ የአስኳሉ መሐል ገና ለብ ያለ ብቻ ነው። ባክቴሪያው ሞቀው እንጂ አልተነካም። መሐሉ 70 ዲግሪ የሚደርሰው በ12ኛውና በ13ኛው ደቂቃ መካከል ነው። 40 ግራም ገደማ የሆነው የሐበሻ እንቁላል ትንሽ ስለሆነ በ10 ደቂቃ ይደርሳል። ኮምቦልቻ ላይ ከዚህ ግማሽ ደቂቃ ያህል ቢቀነስ ነው። ለጥንቃቄ ሲባል ለትልቁ 13፣ ለትንሹ 11 ደቂቃ መያዝ ይበቃል።

ይህ ቁጥር የሚሠራው ደቂቃው በትክክል ሲቆጠር ነው። ብዙ እንቁላል በአንድ ጊዜ ሲገባ ውሃው መፍላቱን ያቆማል፤ ቆጠራው የሚጀምረው እንደገና ሲንተከተክ ነው። ከፍሪጅ የወጣ እንቁላል አንድ ደቂቃ ይጨመርለት። የመጀመሪያውን ቀቅለው ለሁለት ይክፈሉት። መሐሉ ላይ ጠቆር ያለ፣ የሚያብረቀርቅና ቢላው ላይ የሚጣበቅ ክብ ካለ አልደረሰም። ዳር እስከ ዳር ፈዛዛና የሚፈረፈር ከሆነ ደርሷል። መንገድ ላይ ከሚጥሚጣ ጋር የሚሸጠው ቅቅልም በዚህ ይለያል፤ ከመብላት በፊት ከፍሎ ማየት ነው።

መጥበሻ ላይ ከፍታው ለውጥ አያመጣም፤ ዘይት ከውሃ በላይ ይሞቃልና። ሳይገለበጥ የሚጠበሰው እንቁላል ግን ከታች ተጠብሶ ከላይ ጥሬ ይቀራል። ክዳን ገጥሞ ወይም ገልብጦ፣ መጥበሻው ሲዘነበል አስኳሉ መወዛወዙን እስኪያቆም መጠበቅ ይገባል። ፍርፍር ስስ ሆኖ ስለሚበስል ከሁሉ ይሻላል፤ ፈሳሽ እስካልቀረበት ድረስ።

የማለዳው ጆግ

ፍርፍርን የሚያበላሽ አንድ ልማድ አለ። ቁርስ የሚበዛበት ቤት ጠዋት ሠላሳ እንቁላል ጆግ ውስጥ ሰብሮ ይመታና እስከ ረፋድ ከምድጃው አጠገብ ያስቀምጠዋል። ሲመታ ሽፋኑ ይፈርሳል፤ ነጩ ያቆመው ባክቴሪያ በአንድ ጊዜ የአስኳሉን ምግብ ያገኛል። ከሠላሳው አንዱ ብቻ የተበከለ ቢሆን አሁን ጆጉ በሙሉ ተበክሏል። ምድጃው አጠገብ ያለው ሙቀት ደግሞ ለመባዛት የተመቸ ነው። አንድ ሰው ይበላው የነበረው እንቁላል ለአሥራ አምስት ሰው ይደርሳል፤ ጆጉ ሳይታጠብ አዲስ እንቁላል ሲጨመርበት ደግሞ ለከሰዓቱም ይተርፋል። መፍትሔው ለታዘዘው ያህል ብቻ መስበር፣ የተረፈውን ፍሪጅ ማስገባትና በየዙሩ ጆጉን በሙቅ ውሃና በሳሙና ማጠብ ነው።

እንግሊዝ ስትፈቅድ አሜሪካ ለምን አትመክርም?

ኢንተርኔት ላይ ያነበበ ሰው ግራ የሚጋባበት ሌላም ነገር አለ። በእንግሊዝ በታኅሣሥ 1988 (እ.ኤ.አ.) አንዲት የጤና ሚኒስትር ዴኤታ አብዛኛው የአገሪቱ እንቁላል በሳልሞኔላ ተይዟል ብለው ተናገሩ። የእንቁላል ሽያጭ ወደቀ፤ እሳቸውም በሁለት ሳምንት ውስጥ ሥልጣን ለቀቁ። ከዚያ በኋላ ዶሮዎች በኢንተሪቲዲስ ላይ በብዛት መከተብ ጀመሩ፣ የተከተበው እንቁላልም የአንበሳ ማኅተም ይታተምበት ጀመር። በጥቅምት 2017 (እ.ኤ.አ.) የአገሪቱ የምግብ ደረጃዎች ኤጀንሲ ይህ ማኅተም ያለበትን እንቁላል እርጉዞችም ሕፃናትም አዛውንቶችም ሳይበስል ጭምር ሊበሉት እንደሚችሉ አስታወቀ። የአሜሪካ የጤና መሥሪያ ቤቶች ግን ለእነዚሁ ሰዎች አስኳሉ የረጋ እንቁላል ብቻ ይመክራሉ።

ሁለቱ የሚቃረኑ ይመስላሉ፤ ግን አይቃረኑም። እንግሊዞቹ የፈቀዱት ማኅተሙን እንጂ እንቁላልን በጠቅላላ አይደለም። ከማኅተሙ ጀርባ የተከተበ መንጋ፣ በየጊዜው የሚደረግ ምርመራና ከእርባታ እስከ ሱቅ የሚከተል መዝገብ አለ። እኛ ገበያ ላይ የምንገዛው እንቁላል ከየትኛው እርባታ እንደመጣ የሚናገር ምልክት የለውም። አርቢዎቻችን የሚያውቁት የዶሮ ታይፎይድ ክትባትም ዶሮዋን ከሞት ለማዳን የታሰበ ነው። ስለዚህ የእንግሊዙን ፈቃድ ደሴ ላይ መጥቀስ አይሠራም። ጤናማ ጎልማሳ የሚፈስ አስኳል ቢመርጥ አደጋው ትንሽ እንደሆነ አውቆ ሊመርጥ ይችላል፤ ትኩስ መሆኑንም ያረጋግጥ። ቀጥሎ ለሚዘረዘሩት ግን ያ ትንሽ አደጋ ሲደርስ የሚያደርሰው ጉዳት ከጣዕሙ ጋር አይመዛዘንም።

ማን ይራቅ?

አምስት ዓመት ያልሞላቸው ልጆች፣ በተለይም ከአንድ ዓመት በታች ያሉት፣ መጀመሪያ ይጠቀሳሉ። መከላከያቸው ገና ስላልጠነከረ ባክቴሪያው ከአንጀት አልፎ ደም ውስጥ ሊገባ፣ አንዳንዴም የአንጎል ሽፋን ጋ ሊደርስ ይችላል። ተቅማጡም ቶሎ ያደርቃቸዋል። ይህ ግን እንቁላል አትስጡ ማለት አይደለም፤ ከስድስት ወር በኋላ እንቁላል ከምርጥ ምግቦቻቸው አንዱ ነው። ጠንክሮ የተቀቀለ፣ ተፈጭቶ በገንፎ የገባ ይሁን። በአጥሚት የሚሰጥ ከሆነ እሳቱ ላይ እያለ ገብቶ አብሮ ይንተክተክ፤ ከወረደ በኋላ መጨመር አይበቃም።

እርጉዝ እናት ራሷ በከባድ ትኩሳትና በፈሳሽ እጥረት ትጎዳለች፤ አልፎ አልፎም ኢንፌክሽኑ ፅንሱን ይደርሳል። ከ65 ዓመት በላይ ያሉ ሰዎች በተራቸው ባክቴሪያው ደም ውስጥ ሲገባባቸው በደም ሥሮች ግድግዳ ላይ እስከ መስፈር ሊደርስ ይችላል። ኤች አይ ቪ በደማቸው ያለባቸው፣ በተለይ መድኃኒት ያልጀመሩ ወይም መከላከያቸው የወረደ ሰዎች፣ የካንሰር ሕክምና ላይ ያሉና ፕሬድኒሶሎን የመሰለ መከላከያን የሚያዳክም መድኃኒት ለረጅም ጊዜ የሚወስዱም እዚሁ ይመደባሉ።

ሁለት ቡድኖች ብዙ ጊዜ ይረሳሉ። የመጀመሪያዎቹ የጨጓራ ታማሚዎች ናቸው። የጨጓራ አሲድ ከምግብ ጋር የገባውን ባክቴሪያ አብዛኛውን የሚገድል የመጀመሪያ በር ነው። ይህን አሲድ የሚቀንሰውን ኦሜፕራዞል የሚወስድ ሰው በሩን ከፍቶ ይበላል፤ ጤናማ ሰውን የማያሳምሙት ጥቂት ባክቴሪያዎች እሱን ሊያሳምሙት ይችላሉ። ጨጓራዬን ያስታግስልኛል ብሎ ለጋ እንቁላል የሚመርጥ ሰው ስላለ ይህ ሊነገር ይገባል። ሁለተኞቹ በቅርቡ ወባ የታመሙ ናቸው፤ በኮምቦልቻና ከዚያ በታች ባሉ ቆላማ ቦታዎች ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ወባ ቀይ የደም ሴሎችን ሲያፈርስ ባክቴሪያን የሚገድሉት ነጭ የደም ሴሎች አቅም ለሳምንታት ይደክማል። ከወባ ያገገመን ሕፃን ወይም በምግብ እጥረት የከሳን ልጅ «ይጠንክር» ብሎ ጥሬ እንቁላል በሞቀ ወተት መትቶ መስጠት የታሰበውን ተቃራኒ ሊያመጣ ይችላል። ወተቱ ቢሞቅም እንቁላሉ ሲገባበት ከ70 ዲግሪ በታች ይወርዳል።

ስፖርት የሚሠሩ ወጣቶች ጥሬውን የሚጠጡት ለፕሮቲኑ ነው። ሰውነት ከጥሬ እንቁላል ፕሮቲን የሚጠቀመው ግማሽ ያህሉን ሲሆን ከበሰለው ግን 90 በመቶ ያህሉን ነው። መቀቀል ለእነሱ ትርፍም ጭምር ነው።

ከታመሙ በኋላ

ምልክቱ ብዙውን ጊዜ ከ6 ሰዓት እስከ ሦስት ቀን፣ አንዳንዴም እስከ ስድስት ቀን ባለው ጊዜ ይጀምራል፤ ተቅማጥ፣ የሆድ ቁርጠትና ትኩሳት ናቸው። ስለዚህ ጥፋተኛው ከመታመም በፊት የተበላው የመጨረሻ ምግብ ላይሆን ይችላል። ጤናማ ሰው በአራት እስከ ሰባት ቀን ውስጥ ይድናል። ዋናው ሕክምና ፈሳሽ ነው፤ ኦ አር ኤስ በፓኬቱ ላይ በተጻፈው የውሃ መጠን ተበጥብጦ በየጊዜው ይጠጣል። ፀረ ባክቴሪያ ለጤናማ ሰው በአብዛኛው አይጠቅምም፤ ባክቴሪያው በዓይነ ምድር የሚወጣበትን ጊዜም ሊያራዝም ይችላል። ከላይ ለተጠቀሱት ቡድኖች ግን ሐኪም ወዲያው ሊያዝ ይችላል፤ እነሱ መጠበቅ የለባቸውም። ሌላውም ሰው ቢሆን ደም የቀላቀለ ተቅማጥ፣ ከ39 ዲግሪ በላይ ትኩሳት፣ ከሦስት ቀን በላይ የቆየ ተቅማጥ፣ የሽንት ማነስ ወይም መፍዘዝ ካየ ወደ ጤና ተቋም ይሂድ።

እዚያም የታይፎይዱ ግርታ ተመልሶ ይመጣል። ለታይፎይድ በተለምዶ የሚታዘዘው ቪዳል የተባለው የደም ምርመራ ራሱን ባክቴሪያውን አይፈልግም፤ ሰውነት የሠራውን መከላከያ ነው የሚያየው። ኢንተሪቲዲስ ከታይፊ ጋር በላዩ ላይ የሚጋራው ክፍል ስላለ፣ በእንቁላል የታመመ ሰው ምርመራ «ታይፎይድ አለበት» የሚል ውጤት ሊሰጥ ይችላል። ሁለቱን የሚለየው ከደም ወይም ከዓይነ ምድር ባክቴሪያውን አሳድጎ የሚያየው ካልቸር የተባለው ምርመራ ነው። ካልቸር በማይሠራበት ቦታ ሐኪሙን የሚረዳው የታማሚው ቃል ነው፦ ባለፉት ስድስት ቀናት ውስጥ አስኳሉ ያልረጋ ወይም ጥሬ እንቁላል መበላቱ፣ የት እንደተበላ፣ አብሮ የበላ ሌላ ሰው ታሞ እንደሆነ፣ ታማሚዋ እርጉዝ ከሆነች ወይም ታማሚው ኦሜፕራዞል የሚወስድ ከሆነ ደግሞ ያንን ጨምሮ።